ይቅር የተባለችው ሽቦ

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝና መጀመሪያ ባገኘሁት በር ገባሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ዣንጥላዬን መምህራን ክፍል ጥዬ በመውጣቴ ራሴን እየረገምኩ ኮቴን ሳራግፍ፣ ባንኮኒው አጠገብ የሽቦ ጥቅል የሚያገላብጡ ሽማግሌ ቀና ብለው «መምህር፣ እግዜር ነው የላከህ» አሉኝ። የሰፈራችን ሰባኪ ናቸው። እሳቸው እግዜር ላከህ ካሉ ሥራ አለ ማለት ነው። ልምዱ ስላለኝ ፈገግ አልኩ።

እኝህ አዛውንት ጡረታ እስኪወጡ ፖስታ ቤት ነበር የሚሠሩት። አሁን የአንዲት ትንሽ የጸሎት አዳራሽ አገልጋይ ናቸው። አዳራሽ መባሏ ለክብሯ ነው እንጂ ሰፋ ያለች ክፍል ናት፤ ወንበሮቿ አይመሳሰሉም፣ ሁላችን ብንመጣ እንኳ የኋላው ረድፍ አይሞላም። ሰባኪው ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ሲጀምሩ መጨረስ አለመውደዳቸው ነው። ስለዚህ ስብከታቸውን አስቀድመው ለእኔ ያነቡልኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ይቆጣሉ፣ በመጨረሻ ግን እንደቆረጥኩት ይሰብኩታል። እንዲህ እየተናደድን ዓመታት አብረን ኖረናል።

ሽቦው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የአዳራሹ መስመር አርጅቶ ማብሪያ ማጥፊያው እሳት መርጨት ስለጀመረ እንደ አዲስ ሊዘረጋ ነው አሉኝ። ማን እንደሚሠራው ስጠይቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱ ነዋ። ተመልሶ የለ» አሉ። የትኛው «እሱ» እንደሆነ በሰፈራችን ማንም አይጠፋውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያው በታች ላውንደሪ ያላት ሴት አለች፤ አዳራሿ ከተከፈተች ጀምሮ ከመካከላችን ናት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። አንድ ቦታ መቆም የማትችል፣ ዝማሬ ላይ ከሁሉም ቀድማ የምትጨርስ ስለነበረች «ቅልብልቢት» እንላት ነበር። የእናቲቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ነው። ላውንደሪው ሲከፈት መስመሩን የዘረጋው እሱ ነው። ከወራት በኋላ ልጅቷ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ በእርጥብ እጇ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ስትነካ ኤሌክትሪክ ያዛትና በዚያው ሞተች። ፍርድ ቤት ጥፋቱ የአጎቷ ነው ብሎ ፈረደበት። ቅጣቱን ጨርሶ ሰሞኑን ተመልሷል።

ሰባኪው ያሰቡትን ነገሩኝ። እሁድ ስለ ይቅርታ ይሰብካሉ። በስብከቱ መጨረሻ እናቲቱን ያስነሱና በሰው ሁሉ ፊት «ይቅር ብያለሁ፣ ረስቼዋለሁ» ያስብሏታል። ወንድሟም ያን ጊዜውኑ የአዳራሹን ሥራ ይረከባል። ሥራውን ሌላ ባለሙያ ያየዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቅር አላቸው። ካስፈተሹት ይቅር አላሉትም ማለት እንደሆነ ነገሩኝና፣ ዝናቡ ሲያባራ ስብከቱን እንድሰማላቸው ቤታቸው ወሰዱኝ።

ቤታቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ሥነ መለኮት ትማራለች፤ የቅልብልቢት የልብ ጓደኛም ነበረች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጥናት ወረቀቶቿን ታገላብጣለች። ሰባኪው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። እንደተለመደው ከአዳም ተነስተው ነው። «ይቅር ያለ ሰው ያለፈውን አያነሳም፣ ቁስሉን ከልቡ ፍቆ ያጠፋል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ልጅቷ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ላቋርጥዎት። እትዬ፣ የቅልብልቢት እናት፣ እሁድ ተነሺ እንደሚባሉ ያውቃሉ?»

«ድንገት ቢሆን ይሻላል። ቀድሜ ከነገርኳት ትቀራለች።»

«ከቀሩ እኮ አልፈልግም ማለታቸው ነው። ሰው ፊት አቁሞ ማስባል ይቅርታ ነው እንዴ?»

ሰባኪው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ አጋዥ ፍለጋ ነበር። እኔ የወንበሩን እግር ማየት ጀመርኩ። ፊታቸው ጠቆረ፤ በቁጣ ሳይሆን በሀዘን ነው። «ልጄ፣ እኔ የቀረኝ ዕድሜ ጥቂት ነው» አሏት። «ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይተያዩ ትቻቸው ልሙት? እግዚአብሔር ራሱ በደላችሁን አላስብም ይለናል። አንቺ ከእሱ ትበልጫለሽ?»

«አላስብም አለ እንጂ ረሳሁ መቼ አለ? እሱ የማያውቀው ነገር የለም። አላስብባችሁም ማለት እያነሳሁ አልቀጣችሁም፣ አልበቀላችሁም ማለት ነው። ደግሞ ጌታ ከሞት ሲነሳ የምስማሩ ቦታ እጁ ላይ እንደነበረ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? ጠባሳውን አላጠፋውም፤ ግን ይዞት የመጣው ለበቀል አይደለም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ንጹህ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ሰውየው መቼ አንገቱን ቀና ሊያደርግ ነው፣ ሥራው እየተፈተሸ የሚኖር ሰው ምሕረት አገኘ ይባላል ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

እሷ ግን በእርጋታ መለሰችላቸው። ይቅርታ ማለት በደለኛው ላይ የያዝነውን መልቀቅ ነው አለች፤ ክፉ ይግጠመው አለማለት፣ ባገኙት ቁጥር በነገር አለመውጋት። ይህን የተበደለ ሰው ብቻውን፣ በደለኛው ባይጠይቅም ሊያደርገው ይችላል። መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በደለኛው ያጠፋውን በስሙ ጠርቶ ማመን አለበት። መታመን ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ በሥራ እየታየ ቀስ ብሎ የሚመለስ ነው። «እርስዎ ሦስቱን በአንድ ጠዋት፣ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ሊጭኑ ነው። ደግሞ የሞተችው የእሳቸው ልጅ ናት። እኛ በእሳቸው ፋንታ ይቅር ልንል አንችልም።»

ሰባኪው ወረቀታቸውን አጠፉ። አልተረቱም፤ እልኸኛ ናቸው። ነገር ግን «እስቲ እሷው ትናገር» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ሦስታችንም ወጣን።

ላውንደሪው ውስጥ የሳሙናና የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ አለ። መስቀያው ላይ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ጋቢና የሰው ካፖርት ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዞለት ተደርድሯል። እናቲቱ እየተኮሰች ነበር። ቁጭ በሉ አለችን እንጂ ካውያውን አላስቀመጠችም። ጥግ ላይ የማትሠራ አንዲት ማሽን አንሶላ ለብሳ ቆማለች። ሁላችንም ወደዚያ ላለማየት ስንጠነቀቅ እሷ አየችን።

ሰባኪው የመጡበትን ሳይደብቁ ነገሯት፤ የእሁዱን ሐሳባቸውንም ጭምር። ይህን እንኳ አመሰግናቸዋለሁ። እሷ የሸሚዙን ኮሌታ ተኩሳ ጨረሰች።

«አባባ፣ ይቅር በይ ይሉኛል» አለች በመጨረሻ። «ይቺን ቃል እኔ እንዴት እንደማውቃት ልንገርዎት? ወንድሜ ያን ቀን እዚህ ማሽኑ ሥር ተኝቶ ነበር የሚሠራው። ሦስት ዓይነት ሽቦ ይዞ ነበር። ሁለቱ ማሽኑን የሚያዞሩ ናቸው፣ ሦስተኛዋ አረንጓዴና ቢጫዋ ናት፤ ኧርዝ ይሏታል፤ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምትወስድ። እሷ አለቀችበት። ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ከሥር ሆኖ ‹እህቴ፣ ይቺ ለጊዜው ትቅር› አለኝ። ያለሷ አይሠራም ወይ አልኩት። ማሽኑ ያለሷም ይዞራል አለኝ። ‹እንግዲያ ትቅር› አልኩ። እኔም ብያለሁ እኮ፣ በዚህ አፌ። ምን እንደሆነች መቼ አወቅሁ?»

ካውያውን አቆመችው።

«እውነቱን ነው፣ ማሽኑ ዞረ። ወራት ሙሉ ዞረ። አንድ ቀን ውስጡ ያለች ሽቦ ልባሷ ተልጦ ብረቱን ነካች። ኧርዟ ብትኖር መብራቱ ያን ጊዜውኑ ተቆርጦ፣ ማሽኑ ተበላሸ ብለን እየተነጫነጭን ሠሪ እንጠራ ነበር። ሽቦዋ ቀረች፤ ልጄም ቀረች። አሁን ደግሞ ነገሩ ይቅር ትሉኛላችሁ። ስንት ነገር ነው የሚቀረው፣ አባባ?»

መምህር ሆኜ ስለ ቃላት ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህችን ቃል ግን እንዲህ ስትፈታ ሰምቼ አላውቅም። የልጅ ልጃቸው ፊቷን ወደ መስቀያው አዙራ ታለቅሳለች። ሰባኪው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። እየፈሩ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ይቅር አላልሽውም ማለት ነው?» አሏት።

እሷ ከመስቀያው አንድ ሸሚዝ አወረደች። ቁጥር የለበትም። «የእሱ ነው» አለች። «እስር ቤት እያለ እየታጠበ ይላክለት ነበር። መጀመሪያ የላኩት ለእናታችን ነፍስ ብዬ ነው እንጂ እሱማ በሞተ እል ነበር። እጅጌውን ሳሸው፣ አንገቱን ሳሸው፣ በሞተ፣ በሞተ እያልኩ። ከዕለታት አንድ ቀን እያጠብኩ ሳለሁ እንደዚያ አለማለቴን አስተዋልኩ። ይቅር ብዬዋለሁ፣ አባባ። ግን አንዴ ተብሎ የሚያልቅ መስሎዎት ከሆነ አይደለም። ጠዋት ይህን በር ስከፍት እንደገና እላለሁ። የማልችልበት ቀን አለ። ያን ቀን ሸሚዙን ሳልተኩሰው አሳድረዋለሁ።»

ሸሚዙን መልሳ ሰቀለችው። «ረሳሁ በይ ካላችሁኝ ግን ውሸት ታናግሩኛላችሁ። እንዲከፋኝ ስለማትፈልጉ ስሟን አዳራሽ ውስጥ መጥራት ተዋችሁ፤ አውቃለሁ። የሚከፋኝ እሱ ነው። የወለድኳት እኔ ብቻ፣ የማውቃትም እኔ ብቻ ሆንኩ።»

ሰባኪው፣ «እንዳታነሱባት ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ» አሏት። «መርሳት ይቅርታ ይመስለኝ ነበር። ልጄ፣ አጥፍቻለሁ።» ከዚያ እጅግ ትህትና በተሞላበት ድምፅ፣ የሽቦዋን ነገር እሁድ ለሰው ብናገር ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አሏት። የሰውን ሀዘን ሳያስፈቅዱ ምሳሌ ማድረግ ስርቆት መሆኑን ያወቁት ገና ያን ቀን እንደሆነ በኋላ ነግረውኛል። እሷ ፈቀደች፤ ግን ወንድሟ ከሰው እኩል በድንገት እንዳይሰማው፣ ቀድመው ለብቻው እንዲነግሩት ለመነች። ተመልከቱ እንግዲህ፣ እኛ ለእሷ ያላሰብንላትን እሷ ለእሱ አሰበች።

ከዚያው ወደ ወንድሟ ሄድን። በኪራይ ክፍሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ሰባኪው በድፍረት ሥራህን ሌላ ሰው ቢያየው ትቀየማለህ ወይ ሲሉት፣ ከትከሻው ላይ ከባድ ነገር የወረደለት ይመስል ተነፈሰ። ፈትሹልኝ ለማለት አፍሬ ነው እንጂ በራሴ ሳልተማመን እንዴት ብቻዬን እሠራለሁ አለ። ያጠፋሁትን ማንም አይንገርልኝ፣ እኔው እናገራለሁ አለም። የሚቀየመን መስሎን የፈራንለት ሰው ይኸው ነው።

ከዚያ ስብከቱን ቆረጥን። አዳም ወጣ። ከአዳም በኋላ የመጡትም ተራ በተራ ወጡ። ሰባኪው ለእያንዳንዱ ሲከራከሩ የልጅ ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃቸው ነበር፤ «ይህን ሲሰሙ እትዬ ምን ይሰማቸዋል?» መልሱ የጠፋው ሁሉ ተሰረዘ። በመጨረሻ የተረፈው በአንድ እጅ የሚያዝ ወረቀት ነበር፤ እሁድ እሱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እናቲቱ የተለመደ ቦታዋ፣ ወንድሟ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰባኪው እንዲህ አሉ፦

«ዛሬ አጭር ነው የምናገረው፤ ካላመናችሁኝ መምህርን ጠይቁ። ስለ ይቅርታ ስናገር ስትሰሙኝ ኖራችኋል። ሳስተምራችሁ ግን ሁለት ነገር ቀላቅዬባችኋለሁ። ይቅር በሉ ስል በደሉን እርሱት ማለቴ ነበር። ስህተት ነው።

«ይቅር ስንል የሚቀር ነገር አለ። የሚቀረው በቀሉ ነው። እርግማኑ ይቅር። ያጠፋ ሰው ሲወድቅ ለማየት መጠበቁ ይቅር። እውነቱ ግን አይቅር፤ የሞተው ሰው ስም አይቅር። የሚረሳ ነገርማ ይቅርታ ምን ያደርግለታል? ይቅር የምንለው ስለምናስታውስ ነው።

«የማሽን ሽቦ ሦስት ነው ብለውኛል። ሁለቱ ያዞሩታል። ሦስተኛዋ ሥራ ያላት አትመስልም፣ ብትቀርም ማሽኑ ይዞራል። ማስታወስ እንደሷ ነው። ኑሯችን ያለሱ የሚሄድ ይመስለናል፤ ‹አታንሱት፣ ይቅር› እንላለን። አንድ ቀን ነገር ሲበላሽ ግን ሰው የምታድነው እሷ ነበረች። ይህን ያስተማረችኝ እናት እዚህ አለች፤ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ሌላም አስተምራኛለች። ይቅርታ በየጠዋቱ የሚከፈት በር ነው፤ አልከፈት የሚል ቀንም አለ። በዚያ ቀን እግዚአብሔር አይቆጣትም። እኛም ማንንም ሰው ዛሬ ተነስተህ ይቅር በል፣ ተነስተሽ ይቅር በይ አንልም።

«ያጠፋን ደግሞ፣ ይቅር ተብለናል ብለን የትናንቱን አንሸፍን። ያደረግነውን በስሙ እንጥራው። ሥራችንን ሰው ቢያይብን አንቀየም። ልጃችንን ቅልብልቢትን ለብዙ ጊዜ ስሟን ሳንጠራ ቆይተናል። ዛሬ ጠራናት። አሜን።»

ከበሩ አጠገብ ወንድሟ ተነሳ። ተሳሳትኩ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አላለም። «ኧርዟን ሳላስገባ ተውኳት» አለ። «አስፈላጊ መሆኗን አውቅ ነበር። እህቴ አታውቅም ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። በማግስቱ እመለሳለሁ ብዬ ረሳሁት። ልጃችንን የገደላት ያ ነው።» እናቲቱ ወደ እሱ ዞረች። አላቀፈችውም፤ እንድታቅፈውም የጠበቀ ሰው አልነበረም። «እኔ ትቅር ያልኩት ሳላውቅ ነው» አለች በዝግታ፣ ለእሱም ይሁን ለራሷ እንጃ። እሱም «አዎ፣ ሳታውቂ ነው» አላት። ያቺን ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት ምን ያህል እንደጠበቀች ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምክንያቱም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የተለወጠውን መንገር የእኔ ፈንታ ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ በአዳራሻችን «ይቅር በይና እርሺው» የሚል ምክር ተትቷል። የተበደለ ሰው ዝም እንዲል አይገደድም፣ ያጠፋም ሰው አይሸሽም፤ ያጠፋውን ከራሱ ስለሰማን በሹክሹክታ የሚነገርበት ነገር አልቀረም። በሰፈሩም ሰው ማሽን ሲያስገባ ሦስተኛዋን ሽቦ አሳየኝ ማለት ለምዷል። የቅልብልቢት ስም ይጠራል፤ ዝማሬ ላይ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ካለ በእሷ ስም እንቀልድበታለን፣ እናቷም ትስቃለች። ሀዘኗ ግን አለ። ይቅርታ ልጅ አይመልስም፣ ይመልሳል ያለም የለም።

የአዳራሹን መስመር የዘረጋው ወንድሟ ነው። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ባለሙያ በመሣሪያ እየለካ ይከተለው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብል እናቲቱ ሥራዋን ዘግታ መጥታ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ መሰላሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ መሰኪያ ጋ ሲደርስ ሁለቱን ሽቦዎች ያስርና አረንጓዴና ቢጫዋን ወደ እህቱ ከፍ አድርጎ ይይዛታል።

«ይቺስ?» ይላታል።

«ትግባ» ትለዋለች።

እሱም ያስራታል። ከዚያ መሰላሉን ወደሚቀጥለው ያንቀሳቅሳል፤ እንደገና «ይቺስ?» ይላል። እስኪጨርሱ ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።